ንቢቱ በጨለማ ትጨፍራለች

ልጆች፣ በገጹ መካከል ያለውን ትልቅ ሥዕል ተመልከቱ። ይህ የንብ ቀፎ ውስጥ ነው። ሠዓሊው በደንብ እንዲታያችሁ ብሎ ብርሃን ጨመረበት እንጂ፣ በእውነተኛው ቀፎ ውስጥ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለው የማር እንጀራ ሲሆን፣ ከሰም የተሠሩት ትንንሽ ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው ስድስት ጎን አላቸው። በላዩ ከሚርመሰመሱት ንቦች መካከል፣ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያለባትን ፈልጓት።

አገኛችኋት? ይህ ታሪክ የእሷ ነው።

ከላይ በግራ፣ በአበባው ዙሪያ

ንቢቱ ዛሬ ጠዋት ከቀፎዋ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስትበር፣ ሰማያዊ አበባ የሞላበት ሜዳ አገኘች። ረጅም ምላሷን ወደ አበባው ውስጥ ዘርግታ ጣፋጩን ፈሳሽ ቀሰመች፤ ፈሳሹም የገባው የራሷ ምግብ ወደሚፈጭበት ሆድ ሳይሆን፣ ለእህቶቿ ይዛው ወደምትመለስበት ሌላ ከረጢት ነው። በኋላ እግሮቿ ላይ የምታዩአቸው ሁለት ቢጫ እንክብሎች ደግሞ የአበባ ዱቄት ናቸው።

ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ንቢቱ ብቻዋን አትጨርሰውም። ለእህቶቿ መንገር ይኖርባታል፤ ነገር ግን ንብ እንደ እኛ ቃል አታወጣም፣ በጨለማ ውስጥም ጣቷን ቀስራ «በዚያ በኩል!» ብላ ልታሳያቸው አትችልም። ለነገሩ ጣትም የላትም።

በመካከል፣ የነጠብጣቡን መስመር ተከትሎ

ንቢቱ በማር እንጀራው ላይ ሆና ሆዷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በፍጥነት እያወዛወዘች፣ ክንፎቿንም «ዝዝዝዝ» እያሰኘች፣ ቀጥ ባለ መስመር ጥቂት ትራመዳለች። ከዚያም መወዛወዟን ትታ በቀኝ በኩል ትዞርና ወደ ተነሣችበት ቦታ ትመለሳለች። እንደገና እየተወዛወዘች በዚያው መስመር ትሄዳለች፤ አሁን ግን የምትመለሰው በግራ በኩል ዞራ ነው።

ነጠብጣቡን በጣታችሁ ተከተሉት። የ8 ቁጥርን የመሰለ ቅርጽ ይወጣላችኋል።

እህቶቿ በጨለማው ውስጥ ከኋላዋ ተጠግተው፣ በአንቴናቸው እየነኳት እያንዳንዱን እንቅስቃሴዋን ይከታተላሉ። ሰውነቷ ላይ የቀረውን የአበባውን ሽታም ያሸታሉ፤ ከሜዳው ሲደርሱ የትኛውን አበባ መፈለግ እንዳለባቸው የሚያውቁት በዚህ ነው።

በቀኝ በኩል፣ በሦስቱ ትንንሽ ሥዕሎች ሥር

ንቢቱ እየተወዛወዘች ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከሄደች፣ «ፀሐይ ወዳለችበት አቅጣጫ ብረሩ» ማለቷ ነው።

ቀጥ ብላ ወደ ታች ከሄደች፣ «ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ብረሩ» ማለቷ ነው።

ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ከሄደች ደግሞ፣ «ከፀሐይ በስተቀኝ ብረሩ» ትላቸዋለች፤ ብዙ ባዘነበለች መጠን እነሱም ከፀሐይ አቅጣጫ ብዙ ይርቃሉ።

ሜዳው ምን ያህል እንደሚርቅስ በምን ይታወቃል? ሳታቋርጥ በምትወዛወዝበት ጊዜ ነው። አንድ ሰከንድ ያህል ከተወዛወዘች ሜዳው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ከሆነ ርቀቱም በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ልኩ ከአንዱ የንብ ዝርያ ወደ ሌላው ጥቂት ይለያያል።

በቀኝ ጥግ፣ አጉሊ መነጽር ከያዙት ሰው አጠገብ

የዚህን ጭፈራ ትርጉም የፈቱት ካርል ፎን ፍሪሽ የተባሉ ኦስትሪያዊ ሳይንቲስት ናቸው። ንቦቹን በመስታወት ግድግዳ በተሠራ ቀፎ ውስጥ እያኖሩ፣ አንዷን ከሌላዋ ለመለየት ጀርባቸው ላይ በቀለም ነጥብ ያደርጉባቸው ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከታች በግራ፣ በቀፎው በር ላይ

እህቶቿ አንድ በአንድ ከቀፎው እየወጡ ይበራሉ። ሁሉም ሜዳውን በመጀመሪያው ጉዞ አያገኙትም፤ አንዳንዶቹ ሳይሳካላቸው ተመልሰው ጭፈራውን እንደገና ይከታተላሉ፣ ከዚያም ደግመው ይሞክራሉ። ያገኙትም ከረጢታቸውን ሞልተው ሲመለሱ ብዙ ጊዜ ራሳቸው መጨፈር ይጀምራሉ።

ከታች በቀኝ፣ የእናንተ ተራ

ቢጫ ነጥብ ያለባት ንብ ወደ ግራ ዘንበል ብላ ሁለት ሰከንድ ያህል ትወዛወዛለች። በካርታው ላይ ቀፎው፣ ፀሐይዋና ሦስት ሜዳዎች ተሥለዋል። ነጩ አበባ ከፀሐይ በስተቀኝ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ሐምራዊው በስተግራ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ሰማያዊው ደግሞ በስተግራ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። እህቶቿ ወደ የትኛው ይብረሩ?

በገጹ ግርጌ፣ ተገልብጦ የተጻፈ

መልስ፦ ወደ ሐምራዊው።