በተሳሳተ የቆጣሪ ንባብ የተቆረጠብኝ የመጋቢት ወር የውሃ ሒሳብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

የቅሬታው ዓይነት፦ የቢል ስህተት (ተከፍሏል)
የደንበኛ ቁጥር፦ 40218-7
የቆጣሪ ቁጥር፦ 1163905
ቢሉ የሚመለከተው ወር፦ መጋቢት 2017
ቅሬታው የቀረበበት ቀን፦ ሚያዝያ 13 ቀን 2017

የቅሬታው ዝርዝር፦

ሚያዝያ 2 በስልኬ የደረሰኝ የመጋቢት ቢል 65 ሜትር ኩብ ውሃ እንደተጠቀምኩ ይገልጻል። ቤታችን ውስጥ የምንኖረው ሦስት ሰዎች ነን። ከጥቅምት እስከ የካቲት የመጡልን ቢሎች 14፣ 15፣ 16፣ 15 እና 14 ሜትር ኩብ ናቸው፤ የእናንተው መዝገብ ላይ አሉ። በመጋቢት እንግዳ አልመጣብንም፣ ግንባታ አልነበረንም፣ አትክልትም አላጠጣንም።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። ቢሉ ላይ የቀድሞው ንባብ 0719፣ የአሁኑ ንባብ 0784 ተብሎ ተጽፏል፤ የተነበበውም መጋቢት 26 ነው። ቢሉ በደረሰኝ ማግሥት፣ ሚያዝያ 3 ጠዋት፣ ወርጄ ቆጣሪውን ሳየው 0737 ላይ ነበር። ፎቶውን አያይዤዋለሁ። ቆጣሪ ወደ ኋላ አይቆጥርም፤ መጋቢት 26 በእርግጥ 0784 ደርሶ ከነበረ፣ ከሳምንት በኋላ 0737 ሊያሳይ የሚችልበት መንገድ የለም። ትናንት፣ ሚያዝያ 12፣ ደግሜ ፎቶ አንስቻለሁ፤ 0742 ይላል። አሁንም ቢል ከተቆረጠበት ቁጥር አልደረሰም።

ፎቶውን አጉልታችሁ ብታዩት ምክንያቱም ይታያል። የቆጣሪው መስታወት ላይ ከሦስተኛው አሃዝ ፊት ለፊት አንድ ጭረት አለ። ከላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ጭረቱ የ3ን ክፍት ጎን ዘግቶ 8 ያስመስለዋል። እኔም መጀመሪያ 8 መስሎኝ ነበር፤ ቁጢጥ ብዬ በባትሪ ሳበራበት ነው 3 መሆኑ የታየኝ። ስለዚህ በዕለቱ ትክክለኛው ንባብ 0734፣ ፍጆታችንም እንደ ወትሮው 15 ሜትር ኩብ ነው ብዬ አምናለሁ። አንባቢውን ለመክሰስ አይደለም፤ ማንም ሊሳሳትበት የሚችል ነገር ነው። ግን ከወትሮው አራት እጥፍ በላይ የሆነ ፍጆታ ሲመዘገብ ቢሉ ከመላኩ በፊት አንድ ሰው ቆም ብሎ ሊያየው ይገባ ነበር።

የውሃ መፍሰስ ይሆናል እንዳትሉኝ እሱንም አጣርቻለሁ። ሚያዝያ 3 ማታ ቧንቧዎቹን በሙሉ ዘግቼ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ማጠራቀሚያም ቆልፌ፣ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ቀይ ተሽከርካሪ 20 ደቂቃ ተከታተልኩ። ንቅንቅ አላለችም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሒሳቤ ከባንክ በቀጥታ የሚቆረጥ ስለሆነ፣ ቢሉን አይቼ አቤት ከማለቴ በፊት ሚያዝያ 5 ቀን 2,115 ብር ተወስዷል። ከዚህ ውስጥ 30 ብሩ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ በእሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። የተቀረው 2,085 ብር የ65 ሜትር ኩብ ዋጋ ነው። ቢሉ ጀርባ ላይ በታተመው ታሪፍ መሠረት 15 ሜትር ኩብ 220 ብር ነው፤ ማለትም የመጀመሪያው 10 በ12 ብር፣ ቀሪው 5 በ20 ብር። ስለዚህ መክፈል የነበረብኝ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር 250 ብር ነበር። ብልጫው 1,865 ብር ነው።

ሚያዝያ 6 ለደንበኞች አገልግሎት ደውዬ ነበር። የመለሰችልኝ እህት በትሕትና አናግራኛለች፤ የሰጠችኝ መልስ ግን፣ «ቆጣሪው እዚያ ቁጥር እስኪደርስ አይቆጠርብዎትም፣ በሚቀጥሉት ወራት ራሱ ይካካሳል» የሚል ነው። ይህ መልስ ለሌላም ደንበኛ እየተሰጠ ከሆነ ልብ ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አይካካስም። ውሃው ይካካሳል፣ ገንዘቡ ግን አይካካስም። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር ነው። 65ቱ ሜትር ኩብ በአንድ ወር ላይ ስለተቆለለ 20ው በ32 ብር፣ 25ቱ ደግሞ በ45 ብር ታስቦብኛል። እኔ በየትኛውም ወር እዚያ እርከን ደርሼ አላውቅም።

በወር 15 ሜትር ኩብ እየተጠቀምኩ ብቀጥል፣ በተባለው አካሄድ ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ዜሮ ይመጣልኛል፤ ሐምሌ ላይ ቆጣሪው 0794 ሲደርስ የ10 ሜትር ኩብ 120 ብር እከፍላለሁ። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ለውሃው ብቻ የምከፍለው 2,205 ብር ይሆናል። በየወሩ በትክክል ቢነበብ ግን አምስቱ ወር በ220 ሒሳብ 1,100 ብር ብቻ ነው። «ራሱ ይካካሳል» ማለት 1,105 ብር ቀልጦ ይቀራል ማለት ነው፤ የቀረውም ቢሆን እስከ ክረምት ድረስ እናንተ ዘንድ ተቀምጦ ይቆያል።

የምጠይቀው መፍትሔ፦

የመጋቢት 26 ንባብ ወደ 0734 ተስተካክሎ ቢሉ በ15 ሜትር ኩብ እንደ አዲስ እንዲሠራልኝ፣ በብልጫ የተወሰደው 1,865 ብርም ወደተቆረጠበት የባንክ ሒሳብ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ለሚቀጥሉት ወራት ቅድሚያ ክፍያ ተደርጎ ይያዝልህ የሚለውን አማራጭ አልቀበልም፤ ገንዘቡ ለቤት ወጪ የተቀመጠ ነበር። ንባቡ መዝገብ ላይ ሳይስተካከል ገንዘቡ ብቻ ቢመለስልኝም ችግሩ አያልቅም፤ የሚያዝያ ቢል ከ0784 ተነሥቶ እንደገና ይበላሻል። የሚቀጥለው ንባብ ሚያዝያ 26 አካባቢ ስለሚሆን ማስተካከያው ከዚያ በፊት ቢደረግ ለሁላችንም ይቀላል።

ፎቶዎቹ አላሳመኑ እንደሆነ ባለሙያ ልካችሁ አረጋግጡ። ቆጣሪው የሚገኘው ግቢ ውስጥ ከበሩ በስተግራ ነው፤ በሥራ ቀናት ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቤት እገኛለሁ። ባለሙያው ከመጣ አይቀር የተጫረውን መስታወትም ይቀይርልኝ። ጭረቱ የኔ ጥፋት ነው ከተባለ የመስታወቱን ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ፤ እስኪቀየር ግን አንባቢው ፎቶ አንሥቶ እንዲመዘግብ ይነገርልኝ።

ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ከባንክ በቀጥታ የሚቆረጠውን አግጃለሁ። የሚያዝያ ቢል ተስተካክሎ ሲመጣ በራሴ እከፍላለሁ፤ እስከዚያው እንደ ውዝፍ ተቆጥሮ ቅጣት እንዳይጨመርብኝ ወይም ውሃው እንዳይቋረጥብኝ ይህን ማሳሰቢያ በመዝገቤ ላይ ያዙልኝ። መልሱን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ እስከ ሚያዝያ 23 ድረስ በተመዘገበው ኢሜይሌ እጠብቃለሁ። ጥያቄዬ ተቀባይነት ካጣ ያልተቀበላችሁበት ምክንያት፣ መጋቢት 26 በንባቡ ጊዜ የተነሣ ፎቶ ካለም እሱ አብሮ ይላክልኝ።

አባሪዎች፦ የመጋቢት ቢል፤ የሚያዝያ 3 እና የሚያዝያ 12 የቆጣሪ ፎቶዎች፤ የጭረቱ የቅርብ ፎቶ፤ ገንዘቡ መቆረጡን የሚያሳይ የባንክ መልእክት፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት አምስት ቢሎች።