ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፦ የሚኒባስ መቀመጫዎች ደረጃ፣ ሦስተኛ እትም

መመዘኛው አንድ ብቻ ነው፦ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ከነክብሩ መውረድ መቻሉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ከፍታው 600 ሜትር ያህል ስለሚቀንስ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረው ሰው ታች ሲደርስ ጋቢውን የት እንደሚያደርሰው ይጠፋዋል። ያለፉት ሁለት እትሞች ይህንን ስላላገናዘቡ ተሽረዋል። ይግባኝ አይቻልም።

ልዩ ደረጃ
ጋቢና፣ በበሩ በኩል። መስኮቱ የራስህ ነው፤ ክፈት ዝጋ የሚልህ የለም። ጉድለቱ ሹፌሩ ጨዋታ አዋቂ ከሆነ ነው። በመታጠፊያው መካከል ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ የአጎቱን የሠርግ ወግ ሲጀምርልህ «ጋሼ፣ ወደፊት እያዩ ያጫውቱኝ» ማለት ይሉኝታ ያሲዛል። ያም ሆኖ ልዩ ነው፤ ከኋላ ያሉት ሁሉ ይቀኑብሃልና።

ሀ
ከሹፌሩ ጀርባ፣ መስኮት ዳር። የሚነቀፍበት አጣሁ። ስለዚህም የምጽፈው የለኝም።

ለ
ጋቢና መሃል፣ ሞተሩ ላይ። ክርክር ያስነሳው ይህ ነው። የኮምቦልቻ ሰዎች «ከደረጃ ውጪ ይሁን» አሉ፤ የደሴ ሰዎች «ልዩ ካልሆነ ሰንጠረዡን አናውቀውም» አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሐምሌ ላይ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ጦሳ ጉም ለብሶ፣ መስታወቱ አልቦት፣ ጣትህ ሳንቲም መቁጠር ሲያቅተው ያ የሞተር ሙቀት ከምድጃ ዳር አያንስም። እዚያ የተቀመጠ ሰው እስከ ሐረጎ አፋፍ ድረስ ንጉሥ ነው። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ጉሙ ይቀራል፣ ፀሐይ በፊት መስታወት ትገባለች፣ ሞተሩ ግን ሥራውን አላቆመም። ደፎ ዳቦ የሚጋገረው ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎበት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይረዳዋል። ኮባው ብቻ ነው የጎደለው። በዚያ ላይ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጉልበትህን ወደ ጎረቤትህ ታዘዋውራለህ። ግማሹ መንገድ ልዩ፣ ግማሹ መ፤ ሲካፈል ለ።

ሐ
በሩ አጠገብ ያለው ታጣፊ። እዚህ የተቀመጠ ሳይቀጠር የረዳቱ ረዳት ሆኗል። ሰው በወረደ ቁጥር ይወርዳል፣ ሰው በገባ ቁጥር ይታጠፋል። ከኋላ የሚመጣውን ሒሳብ ሁሉ የሚያቀብለውም እሱ ነው። አንድ ቀን የአራት ሰው ብር ይዤ የማን መልስ የማን እንደሆነ ስለጠፋኝ ከኪሴ ጨምሬ ሰላም አወረድኩ።

መ
የኋላ ወንበር፣ መሃል። ለአራት ሰው የተሠራ ነው፤ ረዳቱ ግን «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው» ይላል። አንዱ ሰው ሁልጊዜ ሰፊ ነው፤ ዶሮም ይዟል።

ከደረጃ ውጪ
ጀሪካን። ተከፍሎበት ነው እንግዲህ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ለቁልቁለት ብቻ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሚወጣ ሰው ሞተር ላይ ያለው ከመ ተነሥቶ ወደ ልዩ ያድጋል። የኋላው መሃል ግን ሽቅብም ቁልቁልም መ ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ። ተሳፋሪ በአራት ይከፈላል፦

| | ኮምቦልቻ ሲደርስ ይከፍታል | ኮምቦልቻ ሲደርስ ይዘጋል |
|---|---|---|
| ደሴ ላይ ይዘጋል | ጤነኛ ሰው | «ልጄ፣ ዝጋልኝ፤ ነፋስ ይመታኛል» የሚሉት እማማ |
| ደሴ ላይ ይከፍታል | ያቅለሸለሸው፤ አትናገሩት፣ ፌስታል አቀብሉት | አይገኝም |

እማማን በተመለከተ ክርክር የለም። ላቡ በሁላችንም ግንባር ላይ ሲወርድ መስኮቱ ይዘጋል፤ አንዱ ወጣት ጣት የምታህል ክፍተት ቢያበጅ እንኳ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው «እሺ፣ እኔ ልሙት» ይላሉ። ወጣቱ ይዘጋዋል። ምን ምርጫ አለው?

አራተኛው ሳጥን በሁለቱም እትሞች ባዶ ነበር። እንዲህ ያለ ፍጡር የለም ብዬ ጽፌ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ተገኘ። ከደሴ ስንነሣ መስኮቱን እስከ ታች ከፈተው፤ ጉሙ ከነካፊያው ገባ፤ እማማ ከኋላ ቢጮኹ «አየር ነው፣ ለጤና ጥሩ ነው» አለ። ኮምቦልቻ ስንገባ፣ እኔ እንደ ዳቦው ከላይም ከታችም ስቀላ፣ «አቧራ አለ» ብሎ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

ተቀምጦ የነበረው ጋቢና፣ በበሩ በኩል ነው።