በኤአይ የተሠራ የምርት ምስል ከመለጠፉ በፊት፦ ለጀማሪዎች ማረጋገጫ

ደብረ ብርሃን ሱቃችን የቴሌግራም ገጽ ላይ አዲስ ለጀመራችሁ። ምስሉን ስታዩ ዕቃው ራሱ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ በትዝታ ማነጻጸር አይሆንም። መጀመሪያ ደንበኛው በሚያይበት በስልክ መጠን፣ ከዚያ አጉልታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ እዩ።

☐ ጽሑፍ። ብዙው ምስል የሚወድቀው እዚህ ነው። ኤአይ የእኛን ፊደል በመልክ ያስመስለዋል እንጂ አያነበውም። «የደብረ ሲና ቆሎ» ተብሎ ሲታዘዝ የ«ቆ» አናት ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ትጠፋና «ቀሎ» ይሆናል፤ ወይም ከሀ እስከ ፐ የሌለ ፊደል ይወልዳል። ከሩቅ ደህና ይመስላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል ጣታችሁን እያስቀደማችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የሚሻለው ማሸጊያው ባዶ እንዲሠራ ማዘዝና ጽሑፉን በኋላ ራሳችሁ መጻፍ ነው። ክብደት፣ ዋጋና ቀን ፈጽሞ ለኤአይ አይሰጡም።

☐ ጠርዝ። ምስሉን አንዴ ነጭ፣ አንዴ ጥቁር መደብ ላይ አስቀምጡት፤ ዙሪያውን የቀረ ነጭ ጭረት ያኔ ይወጣል። በርኖስና ባና ሱፍ ስለሆኑ ጠርዛቸው ትንሽ ጸጉር ሊኖረው ይገባል፤ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ከመሰለ አይሆንም። ከማር ጠርሙሱ ኋላ የሚያልፈው የጠረጴዛ ጠርዝም በግራ ገብቶ በቀኝ በዚያው ከፍታ መውጣት አለበት።

☐ ጥላ። ብርሃኑ ከየት ነው? የሁሉም ዕቃ ጥላ ወደ አንድ አቅጣጫ ይውደቅ። ዕቃው መሬት የነካበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ከሌለ ዕቃው ተንሳፍፏል።

☐ መጠን። የቆሎው ፍሬ ባቄላ እንዳያክል። የግማሽ ኪሎው ማር የሁለት ኪሎ መስሎ ከታየ ደንበኛው ተታለልኩ ይላል፣ እውነቱንም ነው። በርኖሱን ለብቻው እዩት፦ ትከሻው ላይ ያለችው ሹል ጉብታ አንዲት ናት፤ ኤአይ ግራና ቀኙን ሊያመሳስል ሲል ሁለት ያደርጋታል፣ አለዚያ ያጠፋታል። ይህን የመንዝ ሰው በአንድ እይታ ይለየዋል።

☐ ትርፍ ነገር። የጀበና ሁለተኛ ጆሮ፣ ስድስተኛ ጣት፣ ከኋላ የማይነበብ ታፔላ፣ ማንም ያላዘዘው ማንኪያ። የምስሉን ጥጎች አትርሱ፤ ዓይን መሃል ላይ ይቀራል። ዕቃው ላይ የሌለ ጥልፍ ወይም ማኅተምም እንደ ትርፍ ይቆጠራል፣ ቢያምርም።

ስህተቱ ጽሑፉ ወይም መደቡ ላይ ብቻ ከሆነ አርሙት። ዕቃው ራሱ ከተለወጠ ግን አትጠጋግኑት፤ በርኖሱን መስኮት አጠገብ ሰቅላችሁ በስልክ አንሱት። ማረጋገጫውን ያለፈ ምስልም ቢሆን «ምስሉ በኤአይ የተሠራ ነው» የሚል መስመር ከሥሩ ይጻፍበት፣ የእውነተኛው ዕቃ ፎቶም አብሮ ይለጠፍ።