ከዱቤ ወደ ቀብድ፦ ለቆየ ደንበኛዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ
ፍኖተ ሰላም

ጉዳዩ፦ የክፍያችንን አካሄድ ከዱቤ ወደ ቀብድ ስለ መቀየር

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ሻል አላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሕፃኗም ድክ ድክ ማለት ጀምራለች።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሦስቴም ስለ በርበሬው ጠይቄ ዘጋሁት። እርስዎን ገንዘብ መጠየቅ ለእኔ ቀላል አይደለም። እናቴም «ከትልቅ ሰው ጋር ስለ ብር አትጨቃጨቂ» ብላ ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ መጻፉን መረጥኩ። ሲጻፍ ድምፅ አይንቀጠቀጥም።

ባለፈው ሳምንት ለበርበሬው፣ ለሚጥሚጣውና ለሽሮው አዲስ ሌብል እንድሠራ አዘውኛል። ሥራውን እፈልገዋለሁ። ግን ከዚህ ሥራ ጀምሮ ቀብድ ተቀብዬ ነው መጀመር የምፈልገው። እንደ እስከ ዛሬው ሠርቼ፣ አሳትሜ፣ አስረክቤ፣ ከዚያ ወራት መጠበቅ አልችልም። የደብዳቤው ዋና ነገር ይኸው ነው፤ የቀረውን ምክንያቱን እንዲረዱልኝ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ውለታዎን ልናገር። በ2011 ከትምህርት ቤት ወጥቼ አንድም የሠራሁት ነገር ሳይኖረኝ «ሞክሪ እስቲ አንቺ ልጅ» ብለው የመጀመሪያውን የሽሮ ከረጢት ንድፍ ሥራ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። በወለድኩ ጊዜ ለገንፎዬ ቅቤና ማር ልከውልኛል። በ2015 ክረምት የስልክ ኢንተርኔት ሲጠፋና ወራት ሲቆይ እንኳ ሥራችን አልቆመም። ፋይሉን በፍላሽ አድርጌ፣ ፍላሹን በክብሪት ሳጥን ከትቼ፣ ለሚኒባስ ረዳት ሰጥቼ እልክልዎ ነበር። እርስዎም ደምበጫ መድረሱን እየደወሉ ይከታተሉ ነበር፣ ከረዳቱ በላይ። እንዲህ አብረን የሠራን ሰዎች ስለሆንን ነው ዝም ብዬ ስልክ ማንሳት ከማቆም ይልቅ በግልጽ የምጽፍልዎ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። የሽሮውን ሌብል ሚያዝያ 6 ቀን 2017 አስረከብኩ፤ 18,000 ብር ነበር። ገንዘቡ የገባልኝ ሐምሌ 20 ነው። ሦስት ወር ከሁለት ሳምንት። የእንቁጣጣሹን ባነርና የግድግዳ ካላንደር ደግሞ ነሐሴ 24 አስረክቤያለሁ፤ 26,500 ብር። ነገ ልክ 60 ቀን ይሞላዋል። እስካሁን አልተከፈለኝም። ከዚህ ውስጥ 15,200ው የእኔ ድካም አይደለም፤ ለማተሚያ ቤት ከኪሴ ያወጣሁት ነው። ካላንደሩ ግን መስከረም 1 ቀን በደንበኞችዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። እኔ ራሴ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ከፊቴ አየሁት። ደስ አለኝ። ሻዩን የጠጣሁት ግን በተበደርኩት ብር ነበር።

ስደውል ሒሳብ ሹሟ «ጋሼ አልፈረሙም» ትለኛለች። ለእርስዎ ስደውል «ለእሷ ነግሬያታለሁ» ይሉኛል። ማንም አልዋሸኝም፣ አውቃለሁ። እርስዎ በርበሬ መግዛት ላይ ነዎት፤ እሷም ያለ ፊርማ ምንም ማድረግ አትችልም። መሃል ላይ የምቀረው እኔ ነኝ። የነሐሴው ገንዘብ ስላልገባ የመስከረምን ዕቁብ መጣል አቃተኝ። ዳኛው ፊት ቆሜ «የሚገባልኝ ብር አለ» አልኩ። «ለሁላችንም የሚገባልን ብር አለ» አሉኝና ሰው ሳቀ። ያን ቀን ከባለቤቴ ወንድም ተበድሬ ጣልኩ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስታውስዎ። 2014 ሰኔ ላይ ናሙና ይዤ ፍኖተ ሰላም መጥቼ ነበር። ከጃቢ ጠህናን የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በርዎ ላይ ቆመው ነበር። በርበሬው ገና ችግኝ ነበር፤ መሬትም አልነካም። እርስዎ መሳቢያውን ከፍተው ብሩን ሁለቴ ቆጥረው ሰጧቸው። ሽማግሌው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። እኔም ነገሩ ገርሞኝ «ጋሼ፣ በርበሬው ባይበቅልስ?» ብዬ ጠየቅኩዎት። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «ገበሬው ሳይበላ በርበሬው አይቀላም።»

ከዚያ ወዲህ ይህን አባባል ለስንት ሰው ተናግሬዋለሁ። ለራሴ ግን አንድም ቀን አላልኩትም። ለበርበሬው በችግኝነቱ ይከፍላሉ፤ በከረጢቱ ላይ ለሚለጠፈው ደግሞ ዱቄቱ ተሸጦ ካለቀ በኋላ። እኔም ችግኝ ላይ መሆኔን ቢያስቡልኝ ነው።

ሌላው ምክንያት የዋጋው ነገር ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የወረቀቱ፣ የቀለሙና የስቲከሩ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆም ብሏል። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። እኔ የማሳትምበት የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት የሚሰጠኝ ዋጋ ለ5 ቀን ብቻ የሚጸና ነው። ሙሉውን ገንዘብ ካልከፈልኩም ማሽኑን አይነካም። ዱሮ ግማሹን ይዘው ያትሙልኝ ነበር፤ ቀረ። እነሱ ከእኔ በቅድሚያ ይቀበላሉ፣ እኔ ከእርስዎ በሦስተኛው ወር። በመሃል ያለውን ክፍተት የምሞላው በብድር ነው። ለዚህ የሚሆን አቅም የለኝም። አንድ ላፕቶፕና ስካነር ያለኝ ሰው ነኝ፤ ላፕቶፑም ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የአሁኑን ሥራ እንዲህ እንድናደርገው እጠይቃለሁ። ሦስቱ ሌብሎች ለንድፉ 6,000፣ 6,000፣ 6,000፤ በድምሩ 18,000 ብር። ሕትመቱ በየዓይነቱ 3,000 ፍሬ፣ ጠቅላላ 9,000 ስቲከር፣ አንዱ በ4 ብር ሲሰላ 36,000። ሁሉም አንድ ላይ 54,000 ብር። ከዚህ ግማሹን፣ 27,000 ብር፣ ሥራ ከመጀመሬ በፊት በቀብድ ይሰጡኛል። ናሙናውን አይተው «ይሁን» ሲሉ ደግሞ 13,500 ይጨምሩልኛል። ያኔ እጄ ላይ 40,500 ይኖራል፤ ለማተሚያ ቤቱ 36,000ውን ከፍዬ ሥራው ይገባል። የመጨረሻው 13,500 ካርቶኑ ፍኖተ ሰላም በደረሰ በ5 ቀን ውስጥ ይሁን። የእኔ ትርፍ ያለው እሱ ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ አምኜዎት እጠብቃለሁ። ስለዚህ ጨርሶ አላመነችኝም አይበሉኝ።

ስለ ቀብድ ሕጉ ምን እንደሚል አንድ የማውቀውን ጠበቃ ጠይቄ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደነገጥኩ። ሥራውን ጥዬ ብሄድ 54,000 ብር ልመልስልዎ ነው ማለት ነው! ከዚያ ሳስበው ጥሩ መሰለኝ። ቀብዱ እርስዎን ብቻ ሳይሆን እኔንም ያስረኛል። በእርስዎ በኩል ላለው ግን ላቅልልዎ፦ ገንዘቡን ከላኩ በ3 ቀን ውስጥ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ሳልቆርጥ እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ ውስጥ ገብቻለሁ።

እኔም በበኩሌ ቀን እቆርጣለሁ። ቀብዱ በገባ በ8 ቀን ናሙናው ይደርስዎታል። ናሙናው ከጸደቀና ሁለተኛው ክፍያ ከገባ በ12 ቀን ካርቶኑ ፍኖተ ሰላም ይገባል። ቀብድዎን ከያዝኩ በኋላም ስቲከር ቢወደድ ልዩነቱን እኔ እችለዋለሁ እንጂ ዋጋ አልጨምርብዎትም። እስከ ዛሬ ይህን ቃል መስጠት አልችልም ነበር፤ አሁን የምችለው በቀብዱ ምክንያት ነው።

ይህን አሠራር ለእርስዎ ብቻ አላመጣሁትም። ከመስከረም ጀምሮ የመጣ አዲስ ደንበኛ ሁሉ በቀብድ ነው የሚሠራው። ዱቤ ላይ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ልነግርዎ ስላፈርኩ እንጂ ለእርስዎ ሌላ ሕግ ኖሮኝ አይደለም።

የነሐሴውን 26,500 ከአዲሱ ሥራ ጋር ባንቀላቅለው ጥሩ ነው። አንድ ላይ ከከበደ በሁለት ይክፈሉኝ፤ የማተሚያ ቤቱን 15,200 እስከ ጥቅምት 30፣ የቀረውን 11,300 እስከ ኅዳር 20። ሒሳቡ ያው የምታውቁት የንግድ ባንኩ ነው፤ በቴሌብርም ይሆናል። ለሒሳብ ሹሟም የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ልኬላታለሁ፤ በእኛ መሃል ሌላ «ነግሬያታለሁ» እንዳይኖር።

ይህ አካሄድ አይመቸኝም ካሉም አልቀየምም። እስከ ዛሬ የሠራኋቸውን ፋይሎች በሙሉ፣ ዓርማውንም ፊደሉንም ጨምሬ፣ በፍላሽ እልክልዎታለሁ፤ ሌላ ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር። እትዬን ለመጠየቅ ግን እመጣለሁ፤ እሱን አያስቀሩብኝም።

መልስዎን እስከ ጥቅምት 25 ብሰማ ለገና ገበያ እንደርሳለን። ከዚያ ካለፈ ማተሚያ ቤቱ በታኅሣሥ ሥራ ስለሚጨናነቅ የ12 ቀኑን ቃሌን ማክበር አልችልም።

አክባሪዎ፣ ልጅዎ
ዲዛይነሯ

ማስታወሻ፦ ባለፈው የበርበሬው ቀይ ወደ ቲማቲም ሄዷል ብለው የተቆጡትን አልረሳሁም። ልክ ነበሩ። እትዬ የላኩልኝን አንድ ጭልፋ በርበሬ ነጭ ሳህን ላይ አድርጌ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንስቼዋለሁ። ቀዩን ከእሱ ላይ ነው የምወስደው። ሳህኑ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር ያስነጥሰኛል።