ማለዳ ባልትና ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ተዛወረ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ቤት ቀይረናል። ከጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰኞ ጀምሮ የምታገኙን በግንፍሌና በቀበና ድልድዮች መካከል ነው። ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ጀርባ ያለው የድሮው ሱቅ የመጨረሻ ቀኑ ረቡዕ መስከረም 28 ነው። ከሐሙስ እስከ እሁድ ዕቃ ስናጓጉዝና ወፍጮ ስናስተክል ስለምንቆይ ሁለቱም ቦታ ዝግ ነው። ሽሮ ያለቀባችሁ ከረቡዕ በፊት ብቅ በሉ።

ለምን ለቀቃችሁ የሚለን ሰው በዝቷል። ከአከራያችን ጋር አልተጣላንም፤ ደግ ሰው ናቸው። ችግሩ ፀሐይ ነው። በርበሬ ተቀንጥሶ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበሶብላ ከተደለዘ በኋላ በደንብ መድረቅ አለበት። እርጥበት ይዞ ወፍጮ ከገባ ውሎ አድሮ ይሻግታል። የድሮው ቤት ግቢ የለውም፤ ስጡን በየዘመድ ቤት ስናዞር ነው የኖርነው። አዲሱ ቤት ግን ሰፊ ግቢ አለው፤ ከጠዋት እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ አይለየውም። ከአሁን በኋላ የምትገዙት በርበሬ የት እንደደረቀ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ኮረሪማውና ነጭ አዝሙዱ ሲታመስም እዚያው ናችሁ፤ ልብሳችሁ ሽታ ይዞ ቢሄድ ግን እኛን አትውቀሱ።

አሁን ወደ መንገዱ። አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ አንድ ድልድይ ተሻገሩ፣ ሁለተኛውን አትሻገሩ።

ከአራት ኪሎ የምትመጡ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ውረዱ። የምትሻገሩት የግንፍሌን ድልድይ ነው። ድልድዩን እንዳለፋችሁ በስተግራ ይዛችሁ ሂዱ። መድኃኒት ቤት ታገኛላችሁ፤ ከሱ ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። በሁለቱ መሃል ኮብልስቶን የተነጠፈበት ቅያስ ይገባል። ቅያሱ አፍ ላይ ሁልጊዜ ሊስትሮዎች ይቀመጣሉ። ወደ ውስጥ ግቡና በቀኝ በኩል ሦስተኛው በር፣ ቡናማው የብረት በር እኛ ነን። በእግር ከአራት ኪሎ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ሲወረድ ቀላል ነው፤ ተሸክሞ ሲመለሱ ዳገቱ ይፈትናል፤ ስለዚህ አምስት ኪሎ በርበሬ የምትወስዱ መመለሻውን በታክሲ አድርጉት።

ከመገናኛ ወይም ከሾላ በኩል የምትመጡ ደግሞ የቀበናን ድልድይ ተሻገሩ፤ ግንፍሌ ጋ ሳትደርሱ ውረዱ። ለእናንተ መድኃኒት ቤቱ በስተቀኝ ነው። የግንፍሌን ድልድይ ካያችሁ አልፋችሁናል ማለት ነው፤ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሱ።

በታክሲ የምትመጡ አራት ኪሎ ላይ ቀበና ወይም መገናኛ የሚለውን ያዙ። ድልድዩ እንዳለፈ «ወራጅ አለ» በሉ። ዝም ካላችሁ ረዳቱ ቀበና ነው የሚያወርዳችሁ። ከፒያሳ የምትመጡ አራት ኪሎ ላይ ታክሲ ትቀይራላችሁ። በስልክ መኪና የምትጠሩ መድረሻ ላይ «ግንፍሌ ድልድይ» ብላችሁ ጻፉ። የሱቁን ስም አትጻፉ፤ ካርታው እስኪስተካከል ድረስ ወደ አራት ኪሎ ነው የሚወስዳችሁ።

የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ ከመጣችሁ ዋናው መንገድ ዳር አትቁሙ፤ ትራፊክ ይቀጣል። ቅያሱ ውስጥ ከበራችን ፊት ለሦስት መኪና የሚሆን ቦታ አለ። የጎረቤት በር እንዳትዘጉብን ግን አደራ፤ ገና አዲስ ነዋሪ ነን።

ከጠፋችሁ ሊስትሮዎቹን ጠይቁ። ቤቱን ስናድስ ከርመን ከአሁኑ ተዋውቀናል። «ባልትና ቤቷ» ካላችኋቸው ይበቃል።

የሥራ ሰዓታችን ትንሽ ተለውጧል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነን። ከሥራ መልስ ለምትመጡ ብለን ነው ማታውን በአንድ ሰዓት ያራዘምነው። ቅዳሜ ከ2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት። ይህ ሁሉ በሀበሻ አቆጣጠር ነው። ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ የምታዙ ልጆች «2 ሰዓት» ስንል በፈረንጅ ጠዋት 8 ማለታችን ነው። ባለፈው ዓመት ከዋሽንግተን የታዘዘ ድርቆሽ የሚቀበለው ሰው ከቀትር በኋላ መጥቶ ዘግተን ሄደን አግኝቶናል፤ እሁድ ነበር።

ወፍጮው ግን የራሱ ሰዓት አለው። የራሳችሁን እህል ወይም በርበሬ ይዛችሁ የምታስፈጩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ድረስ አምጡ። ዓርብ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ወፍጮው ይቆማል፤ የሚፈጭልን ወንድማችን ጁምዓ ሰላት ይሄዳል። ሱቁ ክፍት ስለሆነ አስቀምጣችሁ መሄድ ትችላላችሁ። እሁድ ወፍጮ የለም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ፤ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ደውሉ። የጾም ሽሮና የበርበሬ ወፍጮ ለየብቻ ስለሆነ ሽሮዬ ይቃጠላል ብላችሁ አትስጉ።

በዓል ዋዜማ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንሠራለን። የእንቁጣጣሽ፣ የመስቀል፣ የገና፣ የጥምቀት፣ የፋሲካ፣ የኢድ አልፈጥርና የአረፋ ዕለት እንዘጋለን።

በአደራ ያስቀመጣችሁት በርበሬና ጤፍ አብሮን ይሄዳል። እያንዳንዱ ጆንያ ላይ ስም ተጽፏል፤ ተመዝኖ በደብተር ተመዝግቧል። አዲሱ ቤት መጥታችሁ ስታነሱ ድጋሚ ፊታችሁ ይመዘናል። ስሙ የተፋቀ አንድ ማዳበሪያ ነጭ ሽምብራ አለ፤ ጥግ ላይ በቀይ ገመድ የታሰረ። የኔ ነው የምትሉ እባካችሁ ከመጫናችን በፊት ንገሩን።

ዋጋ ከመዛወራችን ጋር በተያያዘ አልጨመርንም። የበርበሬ ዋጋ የሚወጣና የሚወርደው ገበያው ላይ እንጂ በኪራያችን አይደለም።

አራት ኪሎ አካባቢ ለምትኖሩና መውረድ ለሚከብዳችሁ እናቶችና አባቶች አስበናል። ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጃችን በሞተር ሳይክል ያደርሳል። እስከ ረቡዕ ማታ እዘዙ። ከሁለት ኪሎ በላይ ከሆነ የማድረሻ አንጠይቅም። ራሳችሁ መምጣት ከፈለጋችሁም አዲሱ ቤት ደረጃ የለውም፤ የድሮውን አራት ደረጃ ስታማርሩ ሰምተናል።

ሰኞ ጥቅምት 3 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቡና ይፈላል። ቆሎ አለ፣ ዳቦ ይቆረሳል። ሳትገዙም ኑ። ያን ቀን የመጀመሪያው ድልዝ ግቢው ውስጥ ተሰጥቶ ይውላል።

ስልካችን ያው የድሮው ነው፤ የሽሮ ከረጢታችሁ ጀርባ ላይ ታትሟል። የድሮው ሱቅ በር ላይም የመንገዱን ሥዕል ለጥፈናል። ጎን ያለው የልብስ ስፌት ቤት ባለቤትም ለሚጠይቅ ሰው እንዲናገር ነግረነዋል፤ እሱም «አንድ ድልድይ» ነው የሚላችሁ።

የማለዳ ባልትና ቤተሰብ