ከዳግም ትዕዛዝ መጠን በታች የወረዱ ዕቃዎች ሪፖርት

ቀን፦ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከ፦ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ ኮምቦልቻ
ለ፦ ግዥና አቅርቦት ክፍል
ግልባጭ፦ ለምርት ክፍል፣ ለጥገና ክፍል፣ ለፋይናንስ ክፍል

በሰኔ 30 ቆጠራ የተረጋገጠውንና እስከ ዛሬ ጠዋት በቢን ካርድ የተወራረደውን በእጃችን ያለ መጠን ከዝቅተኛው፣ ማለትም ከዳግም ትዕዛዝ መጠን ጋር አነጻጽረናል። አማካይ የቀን ፍጆታው የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ ወጪ ለ90 ቀን ተካፍሎ የተገኘ ነው። እሑድና የፋሲካ በዓልም ተቆጥረዋል፤ የማድረሻ ጊዜውም እንዲሁ በተከታታይ ቀናት ስለሚለካ ነው። የማድረሻ ጊዜ የምንለው የግዥ መጠየቂያው ከተፈረመበት ቀን አንስቶ ዕቃው ተፈትሾ ግምጃ ቤት እስኪገባ ያለውን ነው።

```
ዝቅተኛ መጠን = (የቀን ፍጆታ × አማካይ ማድረሻ ቀን) + መጠባበቂያ
መጠባበቂያ = (ረጅሙ ማድረሻ ቀን − አማካዩ) × የቀን ፍጆታ
```

| ዕቃ | የቀን ፍጆታ | ማድረሻ (አማካይ/ረጅሙ) | ዝቅተኛ መጠን | ያለው | የሚያቆየው |
|---|---|---|---|---|---|
| ባለ 50 ኪሎ ጆንያ፣ የታተመ | 900 | 18/23 ቀን | 20,700 | 11,700 | 13 ቀን |
| የጆንያ መስፊያ ክር፣ ጥቅል | 3 | 12/16 ቀን | 48 | 42 | 14 ቀን |
| የሮለር ወፍጮ ቺንጋ፣ ፍሬ | 0.2 | 20/30 ቀን | 6 | 5 | 25 ቀን |
| የወንፊት ጨርቅ፣ ሜትር | 0.4 | 75/90 ቀን | 36 | 34 | 85 ቀን |

ጆንያ። ከሁሉ አስቸኳዩ ይህ ነው። ክምችቱ ከዝቅተኛው መጠን የወረደው ሰኔ 27 ሲሆን ጥያቄው በበጀት መዝጊያ ምክንያት ወደ አዲሱ ዓመት ተላልፏል። ዛሬ ቢታዘዝ በአማካይ ሐምሌ 25 ይደርሳል፤ በእጃችን ያለው ግን ሐምሌ 20 ያልቃል። በመሐል የ5 ቀን ወይም የ4,500 ጆንያ ጉድለት አለ። አቅራቢው እንደ ረጅሙ ጊዜ ከዘገየ ደግሞ ጉድለቱ 9,000 ይሆናል። በክረምት የጣርማበር መንገድ ጭነት ሊያዘገይ ስለሚችል የምንዘጋጀው ለ9,000ው ነው። ስለዚህ 40,500 የታተመ ጆንያ ዛሬ ይታዘዝ፣ 9,000 ያልታተመ ደግሞ ደሴ ካሉ ጅምላ ሻጮች በዚህ ሳምንት ይገዛ።

ከ18ቱ ቀናት 9ኙ የኅትመት፣ 3ቱ የመንገድ ናቸው። የቀሩት 6 ቀናት የሚያልፉት እዚሁ ፕሮፎርማ በመሰብሰብና ፊርማ በመጠበቅ ነው። ለጆንያ የዓመት ውል ቢፈረም እነዚህ ቀናት ይቀራሉ፤ ዝቅተኛው መጠንም ከ20,700 ወደ 15,300 ይወርዳል፤ በ5,400 ጆንያ የታሰረው ገንዘብም ይለቀቃል።

ክር። ዛሬ ቢታዘዝ ሐምሌ 19 ይገባል፣ ያለው እስከ 21 ያቆያል። ከዘገየ እስከ 23 ሊሄድ ይችላል። ጆንያው ተገዝቶ ክሩ ቢያልቅ ዱቄቱ ታሽጎ መውጣት አይችልም። ከደሴው ግዥ ጋር 10 ጥቅል አብሮ ይምጣ፤ ዋናው ትዕዛዝ 135 ጥቅል ነው።

ቺንጋ። በዚህ ዕቃ ላይ ሠንጠረዡን እንዳለ እንዳታምኑት አሳስባለሁ። 25 ቀን ያቆያል የሚለው የሒሳቡ ውጤት ነው፤ ቺንጋ ግን በቀን 0.2 አይወጣም። በ90 ቀኑ የወጣው 18 ፍሬ ሦስት ጊዜ ስድስት ስድስት ሆኖ ነው። አንዱ ሲበጠስ ስድስቱም አብረው ይለወጣሉ፤ አሮጌው ስለተለጠጠ ከአዲስ ጋር ሲቀላቀል ጭነቱ በአዲሶቹ ላይ ይወድቅና ቶሎ ይጨርሳቸዋል። በእጃችን ያለው 5 ፍሬ ስለሆነ አንድ ቅያሪ እንኳ አይሞላም። ዝቅተኛው መጠን ከ6 ወደ 12 እንዲስተካከል ከጥገና ክፍል ጋር ተስማምተናል። 13 ፍሬ ይታዘዝ፤ ሁሉም የአንድ አምራችና የአንድ ልክ ይሁን።

የወንፊት ጨርቅ። 34 ሜትር በዓይን ሲያዩት ብዙ ይመስላል። ከውጭ ስለሚመጣ ግን ያለፉት ሦስት ትዕዛዞች 60፣ 75 እና 90 ቀን ወስደዋል። ጨርቁ በ85 ቀን ያልቃል፤ የተቀደደ ወንፊት ደግሞ ፉርሽካውን ከዱቄቱ ጋር ያሳልፋል። የአስመጪው ፕሮፎርማ እስከ ሐምሌ 11 ይቅረብ፣ 48 ሜትር።

ናፍጣ በ90 ቀኑ አማካይ (በቀን 40 ሊትር) ዝቅተኛው መጠን 280 ሊትር፣ ያለውም 300 ስለሆነ ሠንጠረዡ ውስጥ አልገባም። ነገር ግን በሰኔ ብቻ መብራት በተደጋጋሚ በመቋረጡ 1,650 ሊትር፣ ማለትም በቀን 55 ወጥቷል። ማድረሻው በአማካይ 2፣ ሲረዝም 7 ቀን ስለሆነ በሰኔ ፍጆታ ዝቅተኛው መጠን 385 ሊትር ይሆናል። ክረምቱ እስኪወጣ በዚህ እንድንሠራና ዛሬውኑ እንዲቀዳ እንጠይቃለን።

ኩሽኔታ፣ ግራሶና የጽዳት ዕቃዎች ከዝቅተኛው በላይ ናቸው። የአምስቱ ዕቃዎች የግዥ መጠየቂያ ተፈርሞ ከዚህ ሪፖርት ጋር ተያይዟል።

የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ
(ፊርማና ማኅተም አለው)