በዓሉ ሳይደርስ ስጦታችሁ ይድረስ

«ምንም አልፈልግም፣ ድምፅሽን ከሰማሁ ይበቃኛል» ትላለች እናት። እናውቃታለን! ግን በዋዜማው በሩ ተንኳኩቶ፣ ባሕር ማዶ ያለችው ልጇ የላከችው ስጦታ ከነመልእክቱ እጇ ሲገባ ፊቷ ላይ የሚታየው ነገር ሌላ ነው። እስከ ሐሙስ ማታ እዘዙ፣ ቅዳሜ ቤቷ ድረስ እናደርሳለን። ስትቀበል ፎቶ እንልክላችኋለን (ከፈቀደች ነው እንግዲህ)።

ገንዘብ ይሻላል? ይሁን። የአገልግሎት ክፍያውንና የምንዛሬውን ዋጋ ከመላካችሁ በፊት ታያላችሁ። ብቻ አደራ፣ የተቀባዩን ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው ጻፉ፤ የቤት ስሟን ጽፋችሁ ባንክ ቤት እንዳታጉላሏት። ባንክ ደግሞ በበዓል ቀን ዝግ ነው፣ ለመጨረሻ ሰዓት አታቆዩት። መተግበሪያችንን ክፈቱና አሁኑኑ ላኩ።